የአነስተኛ የውሃ ፓምፕ መጠቀሚያ መመሪያ

ይህ መመሪያ ከምድር ማጠራቀሚያ ወደ ጣሪያ ሮቶ ውሃ ለሚገፋው፣ በ220 ቮልትና በ50 ኸርዝ ለሚሠራው ባለ 0.5 የፈረስ ጉልበት ፓምፕ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ተከላው ከመጀመሩ በፊት እስከ መጨረሻው ይነበብ።

የደኅንነት ማስጠንቀቂያ

ፓምፑን ከመንካትዎ ወይም ከመፍታትዎ በፊት ብሬከሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይንቀሉ። መብራት በጠፋበት ሰዓትም ቢሆን ይህን አይተዉ፤ መብራቱ ሲመለስ ሞተሩ በድንገት ይነሳልና። የመሬት ሽቦ ከሌለው ሶኬት ላይ ፈጽሞ አይሰኩት። ፓምፑ ያለ ውሃ መሥራት የለበትም፤ በዘንጉ ላይ ያለው የውሃ ማሸጊያ የሚቀዘቅዘው በሚያልፈው ውሃ ስለሆነ፣ በደረቁ ሲዞር በአጭር ጊዜ ውስጥ ተቃጥሎ ማፍሰስ ይጀምራል። ከመንገድ የመጣውን የውሃ መስመር በቀጥታ እንዲስብም አያድርጉ፤ በመስመሩ ላይ ግፊት ሲጠፋ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ተስቦ ሊገባ፣ የጎረቤትም ውሃ ሊበከል ይችላል።

ተከላ

ፓምፑን ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ በብሎን አጥብቀው ይሰሩት። የድሬዳዋ ፀሐይ ሞተሩን ስለሚያግል ጥላ ያስፈልገዋል፤ ሆኖም ነፋስ እንዲያገኝ ዙሪያውን አይዝጉት። የመሳቢያው ቧንቧ ባለ 1 ኢንች፣ አጭርና ወደ ፓምፑ ቀስ እያለ ከፍ የሚል ይሁን። ጫፉ ላይ ወንፊት ያለውና ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዝ ፉት ቫልቭ ይግጠሙ፤ ደለል እንዳይስብም ከማጠራቀሚያው ወለል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት። መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በቴፍሎን ያሽጉ፤ ውሃ የማያንጠባጥብ መገጣጠሚያም ቢሆን አየር ሊያስገባ ይችላልና። ውሃውን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት የቦታው ከፍታ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀንስ፣ ከውሃው የላይኛው ገጽ እስከ ፓምፑ ያለው ቁመት በድሬዳዋ ከ6 ሜትር፣ በሐረር ደግሞ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

አሠራር

የመሙያውን ብሎን ፈተው ውሃ እስኪያፈስ ድረስ ይሙሉ፤ አረፋው እስኪያቆም ጠብቀው ይክደኑት። የመውጫውን ቫልቭ ከፍተው ፓምፑን ያስነሱ። በ2 ደቂቃ ውስጥ ውሃ ካልወጣ አጥፍተው እንደገና ይሙሉ። ሮቶው ሲሞላም ሆነ ማጠራቀሚያው ሲያልቅ በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ቢገጠምለት የፓምፑ ዕድሜ ይረዝማል።

ብልሽት ሲያጋጥም

ሞተሩ እየጮኸ የማይዞር ከሆነ ወዲያው ያጥፉት፤ እንዲሁ ከተተወ ጥቅልሉ ይቃጠላል። ለብዙ ቀናት ቆሞ ከነበረ፣ በአካባቢው ካልሲየም የበዛበት ውሃ የሚፈጠረው ነጭ ቅርፊት ውሃውን እየዞረ የሚገፋውን ኢምፔለር ይዞት ሊሆን ስለሚችል፣ ሶኬቱን ነቅለው ከኋላ ያለውን የማራገቢያ ዘንግ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ቀስ ብለው ያዙሩት። በነፃነት እየዞረ ካልተነሳ ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ካፓሲተሩንና ቮልቴጁን ይመርምር።

ሞተሩ እየዞረ ውሃ ካልመጣ፣ አየር የሚያስገባ መገጣጠሚያ ወይም ውሃ የማይዝ ፉት ቫልቭ ይፈልጉ። ውሃው ከቀነሰ ወንፊቱን ያጽዱ። ሞተሩ ግሎ በራሱ ከጠፋ ሶኬቱን ነቅለው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። የፓምፑ አካል ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ግን ከዋናው ቆጣሪ ያጥፉ፤ ባለሙያ ሳያየው ዳግም አይሰካ።