ጀርባዬ ብቻ የሚታይበት ፎቶ

ፎቶው ላይ አለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። ጥቁር ጃኬት ለብሳ ጀርባዋን የሰጠችው እኔ ነኝ። በትከሻዬ በኩል ብቅ ያለው ነጭ ነጠላ የእናቴ ነው። ፊቷ አንገቴ ሥር ገብቷል። ያነሳችን ታናሽ እህቴ ናት፤ እጇ ተንቀጥቅጦ ትንሽ ደብዝዟል። ሌላ 40 የሚሆን ጥርት ያለ ፎቶ አለን፤ አበባ ይዘን፣ ተሰልፈን፣ ጥርሳችንን አሳይተን። እኔ ግን ይሄን ወደድኩት።

ቦሌ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.።

የወጣሁት ነሐሴ 2005 ነበር። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ "አሥር ዓመት ገደማ" እያልኩ ነው የኖርኩት። እናቴ ጋ ገደማ የሚባል ነገር የለም። 11 ዓመት ከ4 ወር፣ አለቀ።

ለምን እስከዛሬ ቆየሽ ለምትሉኝ፣ ወረቀት ነው። ኬዝ፣ ከዚያ ግሪን ካርድ፣ ከዚያ ፓስፖርት። መሀል ላይ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት። ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልዘረዝረውም።

ከደለስ ቦሌ በቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቅኩት መንገድ አንድ ቀን እንኳን አይሞላም። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸው ጋ ስድስት ወር ቆይተው እየተመለሱ ነበር። "ስንት ዓመትሽ ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም አላሉም። ከቦርሳቸው የዳቦ ቆሎ ከረጢት አወጡና ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከአዲስ አበባ ይዘውት ሄደው፣ ተርፎ፣ ይዘውት እየተመለሱ ያሉት ዳቦ ቆሎ ነው። እስከ ቦሌ ድረስ ስንቆረጥመው መጣን።

ኢሚግሬሽን ጋ የተሰለፍኩት ከውጭ ዜጎች ጋር ነው። ቢጫ ካርዴን በእጄ ይዤ፣ ከፊቴ አንድ ቻይናዊ፣ ከኋላዬ አንድ ጀርመናዊ። ተራዬ ደረሰ። ልጅቷ ፓስፖርቴን ገለጥ አድርጋ የትውልድ ቦታዬን አየችና "እንኳን ደህና መጣሽ" አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ታንክ ዩ!" እስክወጣ ድረስ ፊቴ እንደጋለ ነበር።

ሰው የሚቀበሉት ደጅ ነው የሚጠብቁት። የእኔዎቹ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ብርድ ላይ ቆመዋል። አውሮፕላኑ እንደዚያ በጠዋት እንደማይደርስ እህቴ ሦስቴ ነግራታለች። እናቴ "ቢቀድምስ?" ብላ አስነስታቸዋለች።

ጋሪዬን እየገፋሁ ስወጣ አንድ ረጅም ልጅ መጥቶ ሻንጣዬን ያዘ። ታክሲ ሊያስይዘኝ መስሎኝ "አመሰግናለሁ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው" አልኩት። ልጁ ሳቀ። "እኔ ነኝ እኮ የምጠብቅሽ።" ወንድሜ! ስወጣ 9 ዓመቱ ነበር፤ እቅፌ ውስጥ ተኝቶ ነው የሸኘኝ። በቪዲዮ ሁሌ ነው የምናወራው፤ ጢም ማብቀሉንም አውቃለሁ። ቁመቱን ግን ስልክ አላሳየኝም። ቀና ብዬ ነው የሳምኩት።

ከዚያ እናቴ መጣች። ፎቶው ይሄ ነው።

በዚያ ሰዓት የሆነውን ለሩቅ ወዳጆቼ ልንገራችሁ። አያቴ፣ እኛ እምዬ የምንላት፣ በ2013 ነው ያረፈችው። መርዶውን የሰማሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት በር ሲንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ሀበሻ ሁሉ ያውቃል። አራት ጓደኞቼ ቆመዋል፤ አንዷ ፔርሙዝ ይዛለች። ሦስት ቀን አብረውኝ ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን ሥራ ገባሁ።

ከእናቴ ጋር ግን አልቅሰን አናውቅም። ስትደውል "ሰው ሀገር ብቻሽን ነሽ፣ በቃ" ትለኛለች። እኔም "ግፊትሽ ይነሳል፣ በቃ" እላታለሁ። ሁለታችንም ስልኩን ዘግተን ለየብቻ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት አንገቴ ሥር ሆና "እምዬ ደርሳ ብታይሽ" አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እህቴ እጇ የተንቀጠቀጠው ያኔ ነው።

ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀና አለች፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። "ምነው እንዲህ ከሳሽብኝ?" ዘጠኝ ኪሎ ጨምሬ ነው የመጣሁት።

አንድ ነገር ደግሞ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከእኛ ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ከቤይሩት ነው የመጣችው። ሻንጣዋ ዙሪያውን በፕላስተር ተጠቅልሏል። ወንድሟ ከደሴ እየመጣ ነው፤ አውቶቡሱ ዘግይቷል፤ የያዘችው ሲም ደግሞ እዚህ አይሠራም። እናቴ እኔን በአንድ እጇ እንደያዘች በሌላው ስልኳን አውጥታ ሰጠቻት። ወንድሟ እስኪደርስ ማንም ንቅንቅ አይልም ተባለ። አርባ ደቂቃ ቆየን። ለእኔ ከመጣው አበባም ግማሹ እሷ ጋ ሄደ። ልጁ እየሮጠ ሲመጣ ማየት ነበረባችሁ። እነሱን ፎቶ አላነሳናቸውም።

ወደ ቤት ስንሄድ በመስኮት ሳይ ነበር። የማውቀውን መንገድ ስፈልግ ወንድሜ "ይሄ ድሮ እንትን የነበረው ነው" እያለ ይተረጉምልኛል። ዶሮ ማነቂያ ያለው ቤታችን ፈርሷል። እያወቅኩ ነው የመጣሁት፤ ቢሆንም ጥያቄዬ "ወደ ፒያሳ አናልፍም?" ነበር። ዛሬ አይሆንም አሉኝ። ሌላ ቀን እሄዳለሁ።

አሁን ኮንዶሚኒየም ነው ያሉት፣ አራተኛ ፎቅ። 23፣ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ወንድሜ ብቻውን አወጣው። ቁመት ጥቅም አለው። በሩ ላይ ቄጤማ ተነስንሷል። ጎረቤት ሁሉ ገብቷል፤ ግማሹን አላውቀውም፤ እነሱ ግን የእኔን የልጅነት ተረብ ሁሉ ያውቃሉ።

እናቴ አንድ ቅሬታ አላት፦ በጾም መጣሁባት። ሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሁሉም ቀርቦ እያለ "ምንም ሳላበላት" ትላለች። ዶሮው ለገና ቀጠሮ ተይዞለታል። በላሁ፣ ሁለተኛው ቡና ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ጋቢ ለብሻለሁ፤ የእምዬ ጋቢ ነው። ማን እንዳለበሰኝ አልጠየቅኩም።

ፈረቃዬን ለሸፈናችሁልኝ፣ ደለስ ድረስ ለሸኛችሁኝ፣ ያን እሁድ በሬን ላንኳኳችሁት አራታችሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሁሉም መልእክት መልስ አልሰጠሁም፤ መብራት እየመጣ እየሄደ ነው፤ ደግሞም እናቴ ስልክ ስነካ ትቆጣለች።

ዕቃ የላካችሁ፦ ቤተሰቦቻችሁ እስከ ረቡዕ መጥተው ይውሰዱ። ቫይታሚኑ፣ ጫማዎቹና የሕፃን ልብሱ በደህና ደርሷል። ስም ያልተጻፈበት አንድ ሰማያዊ ከረጢት አለ፤ የማን እንደሆነ ንገሩኝ። እንደው ስትነግሯቸው፣ ሰው ይልካሉ እንጂ እራሳቸው አይምጡ በሉልኝ ብዬ ነበር፤ እናቴ ሰማችኝና "ቡና ሳይጠጣ የሚወጣ የለም" ብላለች። ስለዚህ ራሳቸው ይምጡ፣ ጊዜ ይዘው ይምጡ።