ለወንድሜ የአካል ጉዳተኝነት ማረጋገጫና ድጋፍ ስለመጠየቅ

ቀን፦ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ወረዳ 10 የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ወንድሜ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ስለማይችል ባለሙያ ቤታችን ድረስ መጥቶ እንዲያየው፣ የአካል ጉዳተኝነት ማረጋገጫ እንዲሰጠውና ድጋፍ እንዲደረግለት ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ወ/ሮ ሰናይት ተሾመ በወረዳችሁ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በኪራይ የምኖር ነኝ። አብረውኝ የሚኖሩት ታናሽ ወንድሜ አቶ ዮናስ ተሾመና የ9 ዓመት ሴት ልጄ ናቸው። ይህን ማመልከቻ የምጽፈው ስለ ዮናስ ነው። ዕድሜው 27 ነው። ጽፌ ስጨርስ አንብቤለታለሁ፣ ያልተስማማውን አርሞኛል፣ እሱም ፈርሞበታል።

ዮናስ የፌራዮ ባለሙያ ነበር። ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ብረት ሲያስር ከሦስተኛ ፎቅ ወደቀ። የቆመበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ነው የተሰበረው። አከርካሪው 12ኛው የደረት አጥንት ላይ ተጎድቷል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ። ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፣ ስሜትም የለውም። ሐኪሞቹ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑን ጽፈው ሰጥተውናል። አሠሪው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወጪ ከሸፈነ በኋላ ስልኩን አያነሳም። ዮናስ በቀን ሒሳብ ይሠራ ስለነበር የጽሑፍ ውል የለውም። የአሠሪው ጉዳይ በእናንተ በኩል የሚታይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የጻፍኩት ገቢያችን ለምን እንደተቋረጠ እንድትረዱ ነው።

ጽሕፈት ቤታችሁ ድረስ መጥቼ ስለ ማረጋገጫው ጠይቄ ነበር። ያነጋገረችኝ ሠራተኛ በትሕትና አስረድታኛለች። የሕክምና ማስረጃ፣ መታወቂያና ፎቶ እንደሚያስፈልግ፣ ባለጉዳዩም ራሱ መቅረብ እንዳለበት ነገረችኝ። ወረቀቶቹን አሟልቻለሁ። ያቃተኝ እሱን ማቅረብ ነው።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው ሊፍት የለውም። ደረጃውን ቆጥሬዋለሁ፣ 72 ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ለፋይዳ ምዝገባ ማውረድ ግድ ሆነብን። አራት የሰፈር ወጣቶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በነጠላ አስረው አወረዱት። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ በየእረፍቱ ላባቸውን እየጠረጉ ነው ያደረሱት። ተሰልፈን፣ አሻራ ሰጥተን፣ ተመልሰን እስክንወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ፈጀ። ማታ ልብሱን ስቀይርለት መቀመጫው ላይ ደም አየሁ። የወንበሩ ጠርዝ ልጦት ኖሯል። እሱ ስሜት ስለሌለው አላወቀም። ከሰው ጋር እየተጫወተ፣ እየሳቀ ነበር የዋለው። ያቺ ቁስል እስካሁን አልዳነችም። የሠፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ታጥብለታለች። አጥንት ጋር ከደረሰች አስቸጋሪ እንደምትሆን ነግራኛለች።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ዋናው ጥያቄዬ ይህ ነው። እባካችሁ ባለሙያ ላኩልን። ዮናስን ቤቱ ይየው፣ ቅጹንም እዚያው ይሙላ። በሥራ ቀን በየትኛውም ሰዓት ቤት አለን። ለማጣራት ብላችሁ ሳትነግሩን ብትመጡም በራችን ክፍት ነው።

ማረጋገጫውን አጥብቀን የምንፈልገው ያለ እሱ የትም መድረስ ስላልቻልን ነው። የተሽከርካሪ ወንበር ልንጠይቅ የሄድንበት ሁሉ መጀመሪያ ከወረዳ የተጻፈ ይላል። ለሥልጠና ልናስመዘግበው ስንልም ጥያቄው ያው ነው። አንድ ሰው አልጋ ላይ መሆኑን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፣ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት የለውም።

አሁን ያለበትን ሁኔታ በግልጽ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ምን እንደሚያስፈልገው ከዚሁ ይታያል። እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን መገልበጥ አለበት። እኔ የምተዳደረው እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው። በፊት ጋርመንት እሠራ ነበር፣ እሱን የሚገለብጥ ስላልነበረ ለቀቅኩ። ምጣዱን የተከልኩት ከአልጋው ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ሊጥ አፍስሼ አክንባሎውን እከድናለሁ፣ እሱን እገለብጣለሁ፣ እጄን ታጥቤ ተመልሼ እንጀራውን አወጣለሁ። ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲቀሰቅሰኝ የስልኬን ደወል እሞላለሁ። አንዳንዴ እኔ ሳልሰማ ልጄ ትነሳና ትቀሰቅሰኛለች። የ9 ዓመት ልጅ ናት፣ ጠዋት ትምህርት ቤት አላት።

ሽንቱ የሚወጣው በቱቦ ነው። ቱቦው በየወሩ ይቀየራል፣ የሽንት ከረጢቱም እንዲሁ። ዳይፐር፣ ጓንት፣ የቁስል ማሸጊያና አልኮል በየጊዜው እንገዛለን። ከእንጀራው ትርፍ በወር 6,000 ብር ገደማ አገኛለሁ፣ ከዚያ ላይ ለቤት ኪራይ 4,500 ብር እከፍላለሁ። የቀረው በምን እንደሚዳረስ ለእናንተ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ዕድራችን ሁለት ጊዜ አዋጥቶልናል። ሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አፍሬ ትቼዋለሁ።

የተሽከርካሪ ወንበር ጎረቤታችን የአባታቸውን አውሰውናል። ከልብ አመሰግናለሁ፣ ግን አይሆነውም። ለትልቅ ሰው የተሠራ ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር ለካሁት፣ ከጎማ እስከ ጎማ 68 ሴንቲሜትር ነው። የመጸዳጃ ቤታችን በር ክፍተት ደግሞ 65 ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ስላነሰች ዮናስ ገላውን የሚታጠበው ሳሎን ውስጥ፣ ላስቲክ አንጥፈንለት ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ የመቀመጫው ስፋት 40 ሴንቲሜትር የሆነ ወንበር ብሎ ጽፎልናል። እንዲህ ያለው በሩን ያልፋል። ድጋፉ ሲታሰብ ይህ ልኬት እንዲያዝልኝ አደራ እላለሁ። የማይገባ ወንበር ከመጣ ጥግ ላይ ይቆማል፣ ለሌላ ሰው ሊሆን የሚችለውም ይባክናል።

ከወንበሩ ጋር ለቁስል መከላከያ የሚሆን የመቀመጫ ትራስና የአየር ፍራሽ እንጠይቃለን። ሁሉም በአንዴ ካልተቻለ ፍራሹ ይቅደም። ወንበር ባይኖር ይተኛል፣ ፍራሹ ካልተገኘ ግን ቁስሉ ይብሳል።

ቤተሰባችን በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ሊካተት ይችል እንደሆነም እንዲታይልን እንጠይቃለን። ዮናስ መሥራት አይችልም ብዬ አይደለም። እኔ ከቤት ወጥቼ መሥራት ስለማልችል ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንም መክፈል ለማይችሉ በሚሰጠው ዕድል እንድንታቀፍ ትብብራችሁን እንሻለን። ባለፈው ጊዜ መዋጮውን ሳልከፍል ምዝገባው አልፎብኛል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በዚያ ሳምንት ዮናስ ትኩሳት ይዞት ነበር።

ይህን ደግሞ ዮናስ ራሱ "እባክሽ አስገቢልኝ" ያለኝ ነው። እጆቹ ደህና ናቸው። አልጋው ላይ ሆኖ የጎረቤት ሞባይል ይጠግናል። ስክሪን ይቀይራል፣ የቻርጀር መሰኪያ ይበይዳል። የተማረው ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ነው። ትናንት አንዲት እናት የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጥተው 150 ብር ከፈሉት። ብሩን ትራሱ ሥር አድርጎ ሲያድር አየሁት። ጠዋት አውጥቶ ለልጄ ደብተር ግዢ ሰጠኝ። በሞባይል ጥገና በደንብ ቢሠለጥንና የመሥሪያ ዕቃ ብድር ቢመቻችለት ራሱን ይችላል። እኔም በዚህ አምናለሁ። ስለዚህ ስሙ ከተረጂዎች ጋር ብቻ ሳይሆን ሥልጠናና የሥራ ዕድል ከሚፈልጉት ጋርም እንዲመዘገብልን ይሁን።

በመጨረሻ ስለ ቤት። ምድር ላይ ያለ ቤት በአቅማችን ፈልገን አጥተናል፣ ብዙዎቹ ለሱቅ ስለተከራዩ። የመንግሥት ቤት ወይም የቀበሌ ቤት ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጥበት ዕድል ሲመጣ ዮናስ ግምት ውስጥ እንዲገባ የድጋፍ ደብዳቤ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን። ይህ በአንድ ቀን የሚሆን እንዳልሆነ እናውቃለን፣ ስሙ ተራ ይያዝለት ማለታችን ነው።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንክብካቤ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ይህን የጠቀስኩት ለመከራከር አይደለም። ዮናስ "ልመና አይምሰልብኝ" ስላለኝ ነው።

ከዚህ ጋር ያያዝኳቸውን ማስረጃዎች ልግለጽ። የሕክምና ማስረጃው ዋናውና ሁለት ኮፒ አለ፣ የሐኪም ፊርማና የሆስፒታሉ ማኅተም ያለበት ነው። የኤምአርአይ ውጤትና ከሆስፒታል ሲወጣ የተሰጠው ማጠቃለያ ኮፒያቸው አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ የወንበሩን ልክ የጻፈበት ወረቀትም ተያይዟል። የሁለታችን የነዋሪነት መታወቂያ ኮፒ አለ። ዮናስ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ነበር የሚኖረው፣ መሸኛውን ራሴ ሄጄ አምጥቼ እዚህ በቤተሰብ ቅጽ ላይ ገብቷል፣ የመሸኛውም ኮፒ አለ። የፋይዳ ቁጥሩ፣ በወረዳው የተመዘገበው የኪራይ ውልና አራት ጉርድ ፎቶ ይገኙበታል። ፎቶውን ያነሳው የጎረቤት ልጅ ነው፣ ከበስተጀርባ ነጭ አንሶላ ሰቅለን። ካልተመቸ ንገሩን፣ ፎቶ አንሺ ቤት አስመጣለሁ። ሦስት ጎረቤቶችና የዕድራችን ጸሐፊ የኑሮ ሁኔታችንን መስክረው የፈረሙበት ወረቀትም አብሮ አለ። የሚጎድል ካለ ንገሩኝ፣ በማግሥቱ አመጣለሁ። ስልክ ቁጥሬን ከመታወቂያዬ ኮፒ ጀርባ ጽፌዋለሁ። እንጀራ እየጋገርኩ ካልሰማሁ ድጋሚ ደውሉልኝ። ልጄ ካነሳችው ደግሞ ለእሷም መልእክት መንገር ይቻላል፣ በትክክል ታደርሳለች።

ለምታደርጉልን ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

አመልካች፦ ሰናይት ተሾመ (ፊርማ)
ባለጉዳይ፦ ዮናስ ተሾመ (ፊርማ)