የሰኞ ገበያ እቁብ መዝገብ፣ ደሴ፣ 2017

መዋጮ፦ ሰኞ ሰኞ 1,000 ብር፣ እስከ 11 ሰዓት። አባል 8፣ የሚወጣው 8,000። ያሳለፈ 50 ብር ይቀጣል።

የደረሳቸው፦
መስከረም 20፦ ሰይድ፣ ዋሱ አህመድ
መስከረም 27፦ እትዬ ዘሀራ፣ ዋሳቸው ጋሽ ይመር
ጥቅምት 4፦ ከድጃ፣ ዋሷ ፋጡማ። ዕጣው የአበበ ነበር፤ ሠርግ ስላለባት ለቀቀላት። የሷን ጥቅምት 18 ይወስዳል፣ ዕጣ አይገባም።
ጥቅምት 11፦ ሙሉ፣ ዋሷ እትዬ ዘሀራ

በዕጣ የቀሩ፦ አህመድ፣ ፋጡማ፣ ጋሽ ይመር (ጥቅምት 25፣ ኅዳር 2፣ ኅዳር 9)

ያልከፈሉ፦
ፋጡማ፣ መስከረም 27። ዳኛው ሞሉላት፤ በማግስቱ ከነቅጣቱ መለሰች። ተዘግቷል።
ሰይድ፣ ጥቅምት 11። ከበላ በኋላ ስልክ አያነሳም! አህመድ 1,000 ሞልቷል። ሰይድ 1,050 አለበት፤ ሺው ለአህመድ፣ 50ው ለሣጥን።