ለዘንድሮ አዲስ ገቢዎች፦ በመስከረም 1 ቡና ላይ የሚነበቡ አባባሎች

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ዘንድሮ ለገባችሁ ልጆች የጻፍኳቸው ናቸው። ጥቂቶቹን ከሰው አፍ ነው የሰማሁት፣ የቀሩት የራሴ ናቸው። ቡናው እስኪፈላ አንድ አንድ እያነሳችሁ አንብቡ፤ ያልጣማችሁን ዝለሉት።

«አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» የሚልህ ሰው አልዋሸህም፤ የነገረህ ግን ግማሹን ነው። ብርዱም ባቡሩም ይለመዳል። እናትህ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሚመጣው ዝምታ ግን አይለመድም። የሚለመደው እሱን ይዞ ሥራ መግባት ነው።

ናፍቆት በሽታ አይደለም። ወራት ሙሉ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለህ ግን ነገሩ ናፍቆት ብቻ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ጋ ሂድ። «ሰው ምን ይለኛል» አትበል፤ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፣ የሚያይህ የለም።

የሰዓቱ ልዩነት አሁን 7 ነው፤ በጥቅምት ማገባደጃ የዚህ አገር ሰዓት ሲመለስ 8 ይሆናል። እናትህ ግን በደወልክ ቁጥር «አሁን እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?» ትልሃለች። ሺህ ጊዜ ብትጠይቅህ ሺህ ጊዜ መልስላት። ሰዓቱን ፈልጋ አይደለም የምትጠይቅህ።

መስከረም 1 እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። እነሱ ባንዲራቸውን ዝቅ አድርገው ሙታናቸውን በሚያስቡበት ቀን አንተ «እንኳን አደረሰህ» ትባላለህ። ግራ አይግባህ። ለእነሱ አንገትህን ደፋ አድርግ፣ ማታ አበባየሆሽህን ጨፍር።

እንጀራሽ ዓይን አላወጣም ብለሽ በራስሽ አትፍረጂ። ውሃው ሌላ፣ ብርዱ ሌላ፣ ምጣዱም በኤሌክትሪክ ነው። አይዳሆ የበቀለ ጤፍም ጤፍ ነው፤ እሱም እንደኛው ባዕድ አፈር ለምዶ ነው። (ይህችን ለወንዶቹም አንብቡላቸው። እዚህ ወንድ ልጅ ካልጋገረ ጾሙን ያድራል።)

አሁን የሚከብደውን ልንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ ማንም አይነግራችሁም። መርዶ እዚህም እንደ አገር ቤቱ ነው። ላንተ አይደወልልህም፤ ለጓደኛህ ነው የሚደወለው። ጓደኛህ ዘመድ ወዳጅ ይሰበስብና ገና ሳይነጋ፣ ለሥራ ሳትወጣ፣ በርህ ላይ ይቆማሉ። በሥራ ቀን ማለዳ አምስት ስድስት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ካየህ ሳይናገሩ ይገባሃል። ስለዚህ በገባህ በመጀመሪያው ወር የአንድ ቅርብ ጓደኛህን ስልክ ለቤተሰብህ ስጥ። ብቻህን፣ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመህ፣ ከስልክ ስክሪን ላይ እንዳታነበው። እናንተም ፌስቡክ ላይ «ነፍስ ይማር» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ልጆቹ መስማታቸውን ጠይቁ። ይህችን በቀይ አስምሩባት።

ቀብር ላይ አለመድረስ ጸጸቱ ረጅም ነው። እድር ግባ። እድር የሚያስፈልገው ለሽማግሌ ብቻ አይደለም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉሃል። እውነት ነው። ነገር ግን እንቁላሉን በየወሩ መጀመሪያ የቤት ኪራይ የሚጠይቀው የለም። ቀስ ማለቱ ጥሩ ነው፤ ዛሬ ግን ጀምር።

ዲግሪህን አትጣለው፤ ግንባርህ ላይም አትለጥፈው። አገር ቤት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው እዚህ ሌሊት መኪና ሲያቆም ብታየው አትዘንለት። ትራንስክሪፕቱ ተልኮለት እንደሆነ ጠይቀው። ካልተላከ ያን ጊዜ እዘንለት፤ «ልጀምር ነው» እያለ ዓመታት ይነጉዳሉና።

የሰው አያት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ውርደት አይደለም። አያትሽን እዚያ ሌላ ሰው እያጠበልሽ ነው።

በእንግሊዝኛ ቀልድ እስክትችል ድረስ ዝምተኛ ትመስላለህ። ሰፈሩን በሳቅ ስታፈርስ የነበርከው ሰው የትም አልሄደም፤ ቃላቱ እስኪደርሱለት ነው የሚጠብቀው። እስከዚያ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ እየመጣህ አስቀን።

ለአገር ቤት ላክ፤ ኪራይህን ከፍለህ ላክ። በመጀመሪያው ዓመት «አሁን የለኝም» ማለትን ያልለመደ፣ በአምስተኛው ዓመት ስልክ ማንሳት ይፈራል።

የሰው መኪና ተደግፈህ የተነሳኸውን ፎቶ ለታናሽ ወንድምህ አትላክለት። በፎቶው ተነሥቶ በሊቢያ በረሃ ሊመጣ ይችላል። የምትሠራበትን ዩኒፎርም ለብሰህ ተነሣና እሱን ላክለት፤ ይመርህ ይሆናል፣ ወንድምህን ግን ያተርፍልሃል።

እቁብ ጥሩ ነው። ዳኛውን ሳታውቅ ግን አትግባ።

ከመካከላችሁ እህቱ ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለችበት ብዙ ነው። ቀጣዮቹን ሁለቱን በድምፅ ቀርጻችሁ ላኩላቸው።

እህቴ፣ ፓስፖርትሽ አሠሪሽ እጅ ቢሆን እንኳ የፓስፖርትሽና የውልሽ ፎቶ ስልክሽ ውስጥ ይኑር። ስልክም ሊወሰድ ይችላልና አንድ ቅጂ አገር ቤት ላኪ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የሚከራከርልሽ መጀመሪያ ወረቀትሽ ነው።

ልጅሽ እናትሽን «እማዬ» ብሎ አንቺን በስምሽ ቢጠራሽ አንጀትሽ ይላወሳል፣ ማንም «ምንም አይደለም» አይበልሽ። ግን አያቱ «እናትህ እኮ ናት ጫማውን የገዛችልህ» እንድትለው አስለምጃት። ልጅ የሚያውቀው የተነገረውን ነው።

ወደ እኛ ልመለስ።

«ለሁለት ዓመት ብዬ ነው የመጣሁት» የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ብዬ ነበር። ሻንጣህን ፍታ፤ ልብስህን ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀል። ይህ አገርን መካድ አይደለም፤ ልብሱ እንዳይጨማደድ ነው።

የናፈቀህ ሰፈር አንተን ቆሞ አይጠብቅህም። በ2016 ፒያሳ ላይ ቤቶች ሲፈርሱ እዚህ በስልክ እያየ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ፤ ስንት ዘመን ሙሉ «ስሄድ እዚያ ማኪያቶ እጠጣለሁ» ይል ነበር። ትኬት መግዛት የቻልክ ቀን ሂድ። ቤት እስክሠራ፣ እስክከብር፣ እስክወፍር አትበል። በዓሉ ላይ ደርሰህ ባዶ እጅህን ብትገባም እናትህ የምትዳስሰው ሻንጣህን አይደለም።

ከአገር ሰው ጋር በፖለቲካ ትጣላለህ፤ አይቀርም። ክርክሩን ግን ሆስፒታል በር ላይ ተወው። ስትታመም ሾርባ ይዞ የሚመጣው ያ የሰደብከው ሰው ሊሆን ይችላል።

ያለ ሰው የሚጀመር ነገር የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እዚህ አገር ሶፋ ስታጓጉዝ ይገባሃል።

በሉ፣ አቦሉ ወርዷል፤ ሲኒ አቀራርቡ። ቶናው ላይ ሁለት ነገር እንነጋገራለን፦ መንጃ ፈቃድ ያላወጣችሁትን በየሳምንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማን እንደሚያለማምዳችሁ፣ እና በሚቀጥለው ሐሙስ ደለስ ኤርፖርት የሚገቡትን ባልና ሚስት ማን እንደሚቀበል። ለሚስትየዋ ጃኬት ያላት ሰው ታምጣ፤ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰፋ ያለ ይሁን።