ያገለገለ የሱፍ ካፖርት፣ ደብረ ማርቆስ፣ 3,400 ብር

የወንድ ካፖርት ነው። ቀለሙ ጥቁር ግራጫ፣ ርዝመቱ እስከ ጉልበት፣ ጨርቁ ወፍራም ሱፍ። ያገለገለ ነው፤ ያውም ብዙ። ገና ብዙ ክረምት ይለበሳል ብዬ ስለማምን ነው ለሽያጭ ያቀረብኩት። ጉድለቱን ግን ከታች አንድ በአንድ ጽፌዋለሁ። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ይህን ያህል ማርዘሜ በምክንያት ነው። አምና አንድ ደንበኛ ከቢቸና ድረስ ለአንድ ጃኬት መጡ። ሲለብሱት እጅጌው ከእጅ አንጓቸው አራት ጣት ያህል አጠረ። የመኪና ሂሳብ ከፍለው፣ ቀናቸውን አጥፍተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልኩን አልጻፍኩትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሜትር ሳልይዝ አንድም ልብስ አላወጣም።

ካፖርቱ ከቦንዳ የወጣ አይደለም። እዚሁ ከተማ ከሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ነው የገዛሁት። እሳቸው በ1989 ዓ.ም. መርካቶ ገዙት፤ ያኔም ሰልባጅ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛ ዕድሜው ከዚያም ይበልጣል። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ለብሰውታል፣ ለቅሶ ቤት አድረውበታል፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ቆመውበታል። አሁን ትከሻቸው ክብደቱን አልችል ስላለ ነው የሸጡት። “ለሚለብሰው ሰው ስጠው እንጂ ለሚቆርጠው አትስጠው” ብለውኛል። እኔም ቆርጦ ኮፍያና ቦርሳ ለሚሠራ አልሸጠውም።

መጀመሪያ ስለ ጨርቁ። የውስጥ ምልክቱ ላይ የነበረው ጽሑፍ በእጥበት ጠፍቷል። ስለዚህ “መቶ በመቶ ሱፍ” ብዬ አልጽፍም። ያደረግኩት ይህን ነው፦ ከታች ከቅምቅማቱ ውስጥ አንድ ክር መዝዤ በክብሪት አቃጠልኩት። የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ እሳቱ ቶሎ ጠፋ፤ አመዱም በጣት ስነካው ፈረሰ። ናይለን ወይም ፖሊስተር ቢበዛበት ኖሮ ክሩ ቀልጦ እንደ ዶቃ የጠነከረ ጠብታ ይሆን ነበር። ስለዚህ ዋናው ነገሩ ሱፍ ነው። ጥቂት ድብልቅ አይኖርበትም ብዬ ግን አልምልም። ሱቁ መጥተው ፈተናውን ዐይኔ እያየ አድርግልኝ ካሉ ደስ ይለኛል፤ አንድ ክር አይጎዳውም።

ጎረቤቴ ካለው የእህል ሚዛን ላይ አስቀምጬው 2 ኪሎ ከ100 ግራም መዘነ። ከባድ ነው። በደብረ ማርቆስ ግን ይህ ክብደት ጥቅም አለው። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ህዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ በስስ ጃኬት አይመለስም። ወደ ሮብ ገበያና ወደ ላይኛው ደጋ የሚመላለስ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ጋቢ ሙቀቱ መልካም ነው፤ ግን እጅ ይይዛል። ይህ እጅዎን ነጻ አድርጎ ይሸፍንዎታል።

አቆራረጡ የድሮ ነው። ወገቡ ላይ ብዙም አይጠብም፤ ከብብት እስከ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ባለ አንድ ረድፍ ቁልፍ ነው፣ ሦስት ትልልቅ ቁልፎች አሉት። ኮሌታው ሰፊ ነው። ወደ ላይ ሲቆም ጆሮን ይሸፍናል፤ ከውስጥ በኩል በዚግዛግ ስለተሰፋ ሲቆም አይወድቅም። ይህ የጥሩ ልብስ ሰፊ ሥራ ነው፤ ዛሬ በሚመጡት ኮቶች ላይ ብዙም አላየውም። ትከሻው ላይ ስስ ስፖንጅ አለው፣ አልተሰባበረም። ከኋላ 37 ሳንቲሜትር ስንጥቅ አለው፤ ሲራመዱም ሲቀመጡም ይከፈታል፣ ሞተር ሳይክል ላይም አያስቸግርም። ከውጭ ክዳን ያላቸው ሁለት ጥልቅ ኪሶች፣ ደረቱ ላይ አንድ ትንሽ ኪስ፣ ከውስጥ በግራ በኩል አንድ ኪስ አለው። የብብቱ ዙሪያ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም ሹራብ ከሥሩ ይገባል። ዘመናዊ ጠበብ ያለ ኮት ለሚወድ ሰው ግን ይህ አይሆንም። ልብስ ሰፊ ያጥብበዋል ብለው አስበው አይግዙ፤ ትከሻው ሲነካ መልኩ ይበላሻል።

ገበሩ ሙሉ ነው፣ ቡናማና ልስልስ፤ የእጅጌው ገበር ደግሞ ነጭና ቡናማ መስመር ያለው ነው። እጅ ሲገባ አይዝም። ቀኝ ብብት ሥር 11 ሳንቲሜትር ተተርትሮ ነበር። መምህሩ ራሳቸው ሰፍተውታል፤ በጥቁር ክር፣ በእጅ። ጠንካራ ስፌት ነው፣ ግን ይታያል። የውስጥ ኪሱ ታች ጥጉ ቀዳዳ ነበረው፤ ሳንቲም ወደ ገበሩ ይገባ ነበር። እሱን እኔ አሰፍቼዋለሁ። ከኋላ ገበሩ ላይ፣ ወገብ አካባቢ፣ የመዳፍ ግማሽ የሚያክል የላብ ወይም የውሃ ምልክት አለ። ታጥቦም አልለቀቀም። ከውጭ አይታይም። ከታች በኩል ገበሩ ከጨርቁ ጋር ያልተያያዘበት አንድ ስንዝር ቦታ አለ፤ ሆን ብዬ ተውኩት። ጨርቁን ከውስጥ ማየት ለሚፈልግ ገዢ መስኮት ይሆናል። ሲገዙት በነጻ አሰፋልዎታለሁ።

አሁን የውጭ ጉድለቱ። በደንብ ያንብቡት።

ትልቁ ጉድለት ቀኝ ክርኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ክርን ነው፤ መምህር የሚጽፍበት እጅ። ጨርቁ ሳስቷል፤ ወደ ብርሃን ሲያነሱት ሽመናው ይታያል። አልተቀደደም። ከውስጥ በተመሳሳይ ቀለም ሱፍ ጨርቅ አስደግፌዋለሁ፤ ደጋፊው 9 በ7 ሳንቲሜትር ነው። ለብሰው ሲቆሙ አይታወቅም፣ ክርንዎን ሲያጥፉ ግን ቦታው ትንሽ ይሸበሸባል። ከጊዜ በኋላ ከውጭ ቆዳ ማስለጠፍ ሊያስፈልገው ይችላል። የግራው ክርን ደህና ነው።

ሁለተኛው ብል ነው። በግራ ኪስ ሥር ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። ሁለቱን ልብስ ሰፊያችን ከራሱ ከካፖርቱ ክር መዝዞ ሸምኖ ዘግቷቸዋል፤ ካልነገርኩዎ አያገኟቸውም። ሦስተኛው የክብሪት ራስ ያህላል፣ ክፍት ነው። በቂ ክር ስላላገኘን በሌላ ቀለም ከሚደፈን ቢቀር ይሻላል ብለን ተውነው። ካፖርቱን ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ገልብጬ አስጥቼዋለሁ፤ ስፌቱን ሁሉ፣ የኪሶቹን ውስጥና የኮሌታውን ሥር በብሩሽ ጠርጌዋለሁ። የብሉ ዕጭ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ሱፉን የሚበላው እሱ እንጂ የሚበረው ብል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ስድስት ሳምንት አለፈ። በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ አዲስ ቀዳዳ የለም።

ትከሻው ላይ ቀለሙ ፈዝዟል፤ ከኮሌታው ሥር ካለው ጨርቅ ጋር ሲያስተያዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። የኮሌታው አንገት የሚነካበት ጠርዝ ከማለቅ ብዛት ያብለጨልጫል። ሁለቱ ጎኖች ላይ፣ ክንድ የሚታከክበት ቦታ፣ የጨርቁ ፀጉር ተንከባሎ ነበር። አብዛኛውን በምላጭ ቀስ ብዬ አንስቼዋለሁ፤ ሲለበስ ተመልሶ ይመጣል። መካከለኛው ቁልፍ የራሱ አይደለም። ልኩ አንድ ነው፣ ቀለሙ ግን ከሌሎቹ ይጠቁራል። የላይኛው ቁልፍ ቀዳዳ ሰፍቶ ነበር፣ ዳር ዳሩ እንደገና ተሰፍቷል። ከኋላ የታችኛው ጠርዝ ላይ ሦስት ጣት የሚያህል የተበላ ቦታ አለ። ሽታው የናፍታሊን ነው፤ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ለሽታው የሚቸገሩ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ፣ መጀመሪያ መጥተው ያሽትቱት።

ልኩ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ቁልፉን ቆልፌ፣ ሜትሩን ሳልስብ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።

ትከሻ ከስፌት እስከ ስፌት 47 ሳንቲሜትር።
ደረት ከብብት እስከ ብብት 58፣ ዙሪያው 116።
ወገብ ዙሪያው 112፤ የታችኛው ጠርዝ ዙሪያ 128።
ቀኝ እጅጌ ከትከሻ ስፌት 63፤ ግራው 62 ተኩል። ልዩነቱ የድሮ ቅምቅማት ነው።
የኋላ ርዝመት ከኮሌታው ሥር 106።

እጅጌው ከውስጥ 3 ሳንቲሜትር ትርፍ ጨርቅ አለው፤ ማስረዘም ይቻላል። ከተረዘመ ግን የድሮው እጥፋት መስመር ይታያል።

ቤትዎ ያለውን የሚመችዎትን ኮት እንዲሁ ዘርግተው ይለኩና ያስተያዩት። ሰውነትዎን ሳይሆን ኮቱን ይለኩ፤ ሰውነት ላይ የተለካ ቁጥር ከዚህ ጋር አይገጥምም። ካፖርቱ ከኮትዎ ደረት ዙሪያ ከ6 እስከ 10 ሳንቲሜትር ቢሰፋ ከላይ ለመደረብ በቂ ነው። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ76 ነው፤ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ ይቆማል። ከ1 ሜትር ከ68 በታች ለሆነ ሰው ግን ይረዝምበታል ብዬ አስባለሁ።

እንዴት ይያዝ? ሙቅ ውሃ ውስጥ አይንከሩት፤ ሱፉ ተጨማትሮ ይጠባል፣ ከዚያ በኋላ ምንም መድኃኒት የለውም። ጭቃ ቢነካው ይድረቅና በብሩሽ ያራግፉት። ካውያ ሲነካው እርጥብ ጨርቅ መሐል ይሁን። ዝናብ ቢመታው እሳት ዳር አያስጠጉት፤ ሰፊ ማንጠልጠያ ላይ ሰቅለው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ሰፊውን የእንጨት ማንጠልጠያ አብሬ እሰጣለሁ፤ በሽቦ ከተሰቀለ ትከሻው ይሰበራል።

ዋጋው ላይ ትንሽ እናወራለን፣ ከ3,200 ብር በታች ግን አልወርድም። የጥገናውንና የገዛሁበትን ቆጥሬ ነው ያልኩት። በቴሌብርም በእጅም ይቻላል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከደጀን ወይም ከሞጣ የሚፈልጉ ካሉ በመኪና እልካለሁ፤ የማጓጓዣውን ገዢው ይከፍላል። የክርኑን፣ የብሉንና የገበሩን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስቻለሁ፤ ብር ከመላክዎ በፊት ይጠይቁኝና ልላክልዎ። ደርሶዎት ከጻፍኩት ውጪ ጉድለት ካገኙበት በሦስት ቀን ውስጥ ይመልሱት፤ ሙሉውን ብርና የመኪናውንም ሂሳብ እመልሳለሁ። የጻፍኩት ጉድለት ኖሮት “አልወደድኩትም” ከሆነ ደግሞ ካፖርቱን እቀበላለሁ፣ የመኪናው ሂሳብ ግን በእርስዎ ነው።

ሱቁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ እሑድ ዝግ ነን። ሊለኩት ሲመጡ ክረምት የሚለብሱትን ሹራብ ለብሰው ይምጡ። ካፖርቱ ከበሩ በስተግራ ካለው መስታወት አጠገብ ተሰቅሏል።