ቦሪቻ ለመውረድ የተደረገ ቃለ መጠይቅ

ሐዋሳ። ሥራው በቦሪቻ ወረዳ ለ6 ወር የሕፃናት የምግብ እጥረት ልየታ ነው። ደመወዝ የለውም፤ የውሎ አበል ብቻ። አመልካቿ የ24 ዓመት ወጣት ናት፣ በኅብረተሰብ ጤና ተመርቃለች።

ጠያቂ፦ ቁጭ በይ፣ ውሃ ጠጪ። እስቲ ለምን አመለከትሽ?

አመልካች፦ ወገኔን ለማገልገል...

ጠያቂ፦ ከጠዋት ጀምሮ የገባው ሁሉ እንደዚያ ነው ያለኝ። የራስሽን ንገሪኝ።

አመልካች፦ (ትንሽ ዝም ብላ) እሺ። ለተግባር ልምምድ ገጠር ጤና ኬላ ነበርኩ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ብርድ ስለነበር የልጁን ሹራብ ሳላወልቅ ክንዱን በሙአክ፣ በክንድ ውፍረት መለኪያው ጥብጣብ፣ ለካሁ። 11.8 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫ። ጽፌ ላሰናብታት ስል የጤና ኤክስቴንሽኗ እጄን ያዘችኝ። ሹራቡን አውልቃ፣ ከትከሻ እስከ ክርን መሐሉን ፈልጋ እንደገና ለካችው። 11.3 ሆነ። ከ11.5 በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። በኔ ቢሆን ልጁ ፕላምፒ ነት የሚባለው የሕክምና ምግብ ሳይጀመርለት ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢሮ መቀመጥ አላስቻለኝም።

ጠያቂ፦ እግሩንስ አያችሁለት?

አመልካች፦ እሷ አየችለት። ሁለቱንም እግር በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጫነች። ስትለቀው አልሰረጎደም፤ እብጠት አልነበረውም።

ጠያቂ፦ ጥሩ። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሞተር አይገባም። ኔትወርክ የለም። ሌሊት ጤና ኬላው ወለል ላይ ነው የምትተኚው።

አመልካች፦ በእግር ሁለት ሰዓት እሄዳለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ቦቲና ጋቢ አለኝ። ውሃ አፍልቼ ወይ ውኃ አጋር ጨምሬ ነው የምጠጣው። አንዴ ታይፎይድ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁና ቀልድ የለም።

ጠያቂ፦ የሚከብድሽስ?

አመልካች፦ እውነቱን ልንገርዎት? ጨለማ እፈራለሁ። ሞተርም አልነዳም።

ጠያቂ፦ (እየሳቁ) እኔም ጅብ እፈራለሁ። ሲዳምኛሽ እንዴት ነው?

አመልካች፦ ገበያ ላይ አላፍርም። ሕክምና ማስረዳት ግን ይቀረኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን ከኤክስቴንሽኗ ጋር መሄድ እመርጣለሁ።

ጠያቂ፦ እናቶች የእርዳታ ምግብ ይዘሽ የመጣሽ መስሏቸው ቢሰለፉና ባዶ እጅሽን ብትሆኚስ?

አመልካች፦ ይቆጡኛል፣ ደግሞም ልክ ናቸው። በማግስቱ ይመጣል ብዬ ግን አልዋሽም። ለልየታ መምጣቴን በቀበሌው ሽማግሌዎች በኩል ቀድሜ ባስነግር ይሻላል።

ጠያቂ፦ ቤተሰብ ምን ይላል?

አመልካች፦ እናቴ አኩርፋለች። ግን በሶ እየፈጨች ነው።

ጠያቂ፦ ጥያቄ አለሽ?

አመልካች፦ አንድ። መንገዱ ሲደርቅ ሞተር ላይ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ሁለተኛ ሄልሜት አለ?

ጠያቂ፦ ...የለም። (ወደ ጸሐፊው ዞረው) ጻፈው። ሄልሜት፣ አንድ።