የ4 መማሪያ ክፍሎች ግንባታ፦ የአካባቢና ማኅበራዊ ልየታ ማጠቃለያ ለወላጆችና ለጎረቤቶች

ይህን ያዘጋጀነው ልጆቻችሁን ወደዚህ ትምህርት ቤት ለምትልኩ፣ ከአጥሩ ማዶ ለምትኖሩ፣ በግቢው ውስጥ ለምታስተምሩና ለምትሠሩ ነው። ዋናው ሰነድ 31 ገጽ ነው፤ ቋንቋውም የባለሙያ ነው። እዚህ ያለው ፍሬ ነገሩ ነው።

ልየታ ማለት ግንባታ ሳይጀመር ማንን ሊጎዳ ይችላል፣ ምን ሊበላሽ ይችላል ብሎ መመርመር ነው። ሐኪም ቤት በር ላይ በሽተኛው ወደ የትኛው ክፍል ይሂድ እንደሚባለው ነው። አንዳንዱ ፕሮጀክት ወራት የሚፈጅ ሙሉ ጥናት ይጠይቃል። አንዳንዱ ደግሞ ግልጽ የጥንቃቄ ዕቅድ ይበቃዋል።

ምን ሊሠራ ነው?

36 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው፣ ፎቅ የሌለው ህንጻ ይሠራል። በውስጡ 4 ክፍሎች ይኖሩታል፤ ከፊቱም 2 ሜትር በረንዳ። ከዚህ ሌላ አዲስ ሽንት ቤትና የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ታንከር ይሠራል። አሮጌው መጋዘን ይፈርሳል። ሥራው 7 ወር ይፈጃል፤ በአንድ ጊዜ እስከ 30 ሠራተኛ ይኖራል። ትምህርት አይቋረጥም። ጥንቃቄውን ከባድ የሚያደርገው ዋናው ነገርም ይኸው ነው፤ ልጆች በሚማሩበት ግቢ ውስጥ ነው የሚገነባው።

ውሳኔው

ደረጃውን ያወጣነው የዓለም ባንክ በሚጠቀምበት ባለ 4 ደረጃ መለኪያ ነው፦ ከፍተኛ፣ ጉልህ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። ይህ ግንባታ መካከለኛ ስጋት ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ሙሉ የተፅዕኖ ጥናት አያስፈልገውም። ግንባታው የሚፈቀደው ግን ከዚህ በታች ያሉት ጥንቃቄዎች በኮንትራክተሩ ውል ውስጥ ሲገቡ ብቻ ነው። ውሉ ውስጥ ያልተጻፈ ጥንቃቄ በጀት አይያዝለትም፤ በጀት የሌለው ጥንቃቄ ደግሞ በጥድፊያ ቀን መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው።

«አራት ክፍል ምን ያህል ጉዳት ያመጣል?» ብለው የጠየቁን ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከክፍሎቹ ግድግዳ የሚመጣ ያን ያህል ስጋት አላገኘንም። ያሳሰቡን አሮጌው ጣሪያ፣ የሽንት ቤቱ ቦታና የገልባጭ መኪኖቹ መግቢያ ናቸው።

የመጋዘኑ ጣሪያ

የመጋዘኑ ክዳን አስቤስቶስ ያለበት ሊሆን ይችላል። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ነው። በዓይን አይቶ ማረጋገጥ አይቻልም። ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተልኳል። ውጤቱ እስኪመጣ አስቤስቶስ እንዳለበት ቆጥረን እንጠነቀቃለን።

አስቤስቶስ ሳይነካ ቢቀመጥ አደጋው አነስተኛ ነው። አደጋው የሚመጣው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ ወይም ሲበሳ ነው። ያኔ በዓይን የማይታይ ክር መሰል ብናኝ አየር ላይ ይበተናል። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ካንሰርም ሊያመጣ ይችላል። በሽታው የሚታየው ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ አጠገብ ክዳን በመዶሻ ቢሰበር፣ ጉዳቱ የሚወጣው ልጁ ቤተሰብ መሥርቶ በሚኖርበት ዕድሜ ነው ማለት ነው። በዚህ ላይ ምንም ድርድር አላደረግንም።

ስለዚህ ክዳኑ የሚነሳው ትምህርት በተዘጋበት ጊዜ፣ ይህን ሥራ በሠለጠኑ ሰዎች ነው። መጀመሪያ በውኃ ይርሳል። ከዚያ ሳይሰበር፣ አንድ በአንድ በእጅ ይወርዳል። በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎና ምልክት ተለጥፎበት አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበል ቦታ ይሄዳል። ተራ የጨርቅ ማስክ ይህን አቧራ አያቆምም፤ ሠራተኞቹ ለዚሁ የተሠራ መተንፈሻ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር አደራ እንላለን። የወረደ ክዳን ለከብት ጋጣ ወይም ለአጥር እንዲሰጣችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ለእናንተ ስንል ነው እምቢ ያልነው። ስባሪውንም ቢሆን ማንም ወደ ቤቱ አይውሰድ።

ሽንት ቤቱና የጉድጓድ ውኃው

በመጀመሪያው ንድፍ ሽንት ቤቱ የተቀመጠው ከውኃ ጉድጓዱ 18 ሜትር ርቀት ላይ፣ ያውም ከበላዩ ነበር። የከርሰ ምድር ውኃ ብዙውን ጊዜ የመሬቱን ቁልቁለት ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከበላይ የሰረገው ታች ካለው ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። በሰብዓዊ ዕርዳታ ሥራ የሚታወቀው መለኪያ ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት ይጠይቃል፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለልም ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል።

ንድፉ ተቀይሯል። ሽንት ቤቱ አሁን ከውኃ ጉድጓዱ ቁልቁል፣ 46 ሜትር ርቆ ይሠራል። ጥልቀቱ 3 ሜትር ነው። በዝናብ ወቅት በዚያ ቦታ ውኃው የሚገኘው 5 ሜትር ላይ ነው። በመሃሉ 2 ሜትር አፈር ይቀራል ማለት ነው።

አዲሱ ቦታ ግን የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ይህን የነገሩን እናቶች ናቸው፤ ለብቻቸው በተደረገው ውይይት ላይ። ሽንት ቤቱ ከክፍሎቹ በራቀ ቁጥር ልጃገረዶች ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ አሉ። ልክ ናቸው። እኛ ውኃውን ስናስብ ይህን አላየነውም ነበር። ስለዚህ መንገዱ ዳርና ዳር ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል። መብራት ይገባል። የሴቶችና የወንዶች በር በተለያየ አቅጣጫ ይሆናል፤ ሁሉም በር ከውስጥ ይቆለፋል። በሴቶቹ በኩል ውኃና የተከደነ ቆሻሻ መጣያ ያለው አንድ ሰፊ ክፍል ይኖራል። በዊልቸር ለሚሄድ ልጅ መወጣጫው በየ12 ሜትሩ ከ1 ሜትር በላይ ከፍ አይልም።

መኪኖቹ፣ ጉድጓዱ፣ አቧራው

ሥራው በሚበዛበት ጊዜ በቀን እስከ 8 ጊዜ ገልባጭ መኪና ይመላለሳል። ግቢው አንድ በር ብቻ ነበረው። አሁን በጀርባ በኩል ለመኪና ብቻ ሁለተኛ በር ይከፈታል። ልጆች በሚገቡበት፣ በሚወጡበትና በዕረፍት ሰዓት መኪና አይንቀሳቀስም። ወደ ኋላ የሚነዳ መኪና ሁሉ ከኋላው ምልክት የሚሰጥ ሰው ይኑረው ብለናል፤ ሾፌር ከኋላው የቆመ ትንሽ ልጅ አይታየውም።

የመሠረቱ ቁፋሮ 1.2 ሜትር ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን 3 ሜትር ስለሆነ አፈሩ ተንዶ ሰው ሊቀብር ይችላል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ተኩል ቶን ያህል ይመዝናል። ግድግዳው በጣውላ ሳይደገፍ ማንም አይገባም፤ ወጪና ወራጁም በመሰላል ነው። የሥራው ቦታ በሙሉ በቆርቆሮ ይታጠራል። ማታ ክፍት የሚያድር ጉድጓድ አይኖርም።

አቧራ እንዳይነሳ መሬቱ በውኃ ይረጫል፤ ብሎኬትና አርማታ ሲቆረጥም በውኃ ነው። ከፍተኛ ድምፅ ያለው ሥራ በፈተና ቀናት አይሠራም። ሚክሰሩ የታጠበበት ውኃ ወደ ቦዩ አይለቀቅም፤ ሲሚንቶ የነካው ውኃ ቆዳ ያቃጥላል፣ በወንዝ ያለውን ሕይወት ይገድላል።

የጣሪያው ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ ያነሱት ከአጥሩ በታች ያሉ ጎረቤቶች ናቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣሪያው ከነበረንዳው 360 ካሬ ነው። 30 ሚሊ ሜትር የዘነበ ቀን 10,800 ሊትር ይወርዳል። ድሮ መሬቱ ከፊሉን ይመጠው ነበር። ታንከሩ 10,000 ሊትር ይይዛል፤ ግን ሞልቶ ባለበት ቀን ሌላ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የተነጠፈ ቦይ ተሠርቶ ትርፉን ወደ ዋናው ፍሳሽ ይወስዳል። ቦዩ ጣሪያው ከመከደኑ በፊት ማለቅ አለበት።

መሬት፣ ዛፍ፣ መተዳደሪያ

ቤት የሚፈርስበት ሰው የለም። አንድ ቤተሰብ ግን በግቢው ጥግ ለዓመታት አትክልት ሲያለማ ኖሯል። ወረቀት የለውም። ወረቀት አለመኖሩ ላፈሰሰው ጉልበትና ለተከለው ካሳ አያሳጣውም። ምርቱን እስኪሰበስብ ይጠበቃል። ቋሚ ተክሉ ተገምቶ ይከፈለዋል፤ በጀርባ በኩል በሚሰጠው ምትክ ቦታም ተስማምቷል። ክፍያው ከቁፋሮው ይቀድማል።

በሩ ላይ ተቀምጠው የሚሸጡ 7 ሰዎች አይነሱም፤ መኪናው በሌላ በር ስለሚገባ። ሊቆረጡ ከነበሩት 4 ዛፎች 3ቱ ተርፈዋል፤ ህንጻው 3 ሜትር ፈቀቅ በማለቱ ብቻ። ለአንዱ ምትክ 10 ችግኝ ይተከላል። ያው ችግኝ የዛፍ ጥላ ለመሆን ዓመታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ሦስቱን ማትረፉ ከመትከሉ ይበልጥ ያስደሰተን።

ሠራተኞቹ

ለቀን ሥራ ቅድሚያ ለአካባቢው ሰው ይሰጣል፤ ለሴትም ለወንድም ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ። ከ18 ዓመት በታች ማንም አይቀጠርም። ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ሳይጀምር የሥነ ምግባር ደንብ ይፈርማል። ተማሪ ማስቸገር፣ ስልክ መጠየቅ፣ ስጦታ መስጠት ከሥራ ያስባርራል። እንደ ወንጀሉም ወደ ሕግ ይሄዳል።

ቅሬታ ካላችሁ

ለትምህርት ቤቱ ጸሐፊ በቃል መንገር ትችላላችሁ። ስም መጻፍ ካልፈለጋችሁ በሁለቱም በሮች ላይ የቅሬታ ሳጥን አለ። ሳጥኑን የሚከፍቱት የወላጆች ተወካይና ተቆጣጣሪው መሐንዲስ አብረው ነው፤ ኮንትራክተሩ ቁልፍ የለውም። በ3 ቀን ውስጥ መድረሱ ይነገራችኋል፤ በ15 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። መልሱ ካላጠገባችሁ ወደ አካባቢው አስተዳደር ወይም ወደ ፍርድ ቤት የመሄድ መብታችሁ እንደተጠበቀ ነው። ልጆችን የሚነካ ጥቃት ግን በሳጥን አይጠበቅም። ለሴት ተወካይዋ መምህርት በዚያው ቀን ይነገር፤ የነገራት ሰው ስም አይወጣም።

ጉድጓድ ክፍት ሆኖ ካያችሁ፣ መኪና በዕረፍት ሰዓት ከገባ፣ ክዳን ሲሰበር ከሰማችሁ ቅሬታ እስክትጽፉ አትጠብቁ። በሥራው ቦታ ያለውን ማንኛውንም ሠራተኛ «አቁሙ» በሉት። ተቆጣጣሪው መጥቶ እስኪያይ ድረስ ሥራው እንዲቆም ውሉ ላይ ተጽፏል።